የአቅራቢ ደረሰኝ የሚመዘግበው ሮቦት

የአቅራቢ ደረሰኝ ምዝገባ በሒሳብ ክፍል ውስጥ እጅግ ከሚደጋገሙት ሥራዎች አንዱ ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ወረቀቱን ታነሣለች፤ የሻጩን ቲን ቁጥር፣ የደረሰኙን ቁጥር፣ ቀኑን፣ ዋጋውን፣ ቫቱንና ጠቅላላ ድምሩን እያየች ወደ ኢ.አር.ፒ ትተይባለች። ኢ.አር.ፒ የድርጅቱን ግዥ፣ መጋዘንና ሒሳብ በአንድ ቋት የሚይዝ ሥርዓት ቢሆንም ወረቀት ማንበብ አይችልም። ይህን ክፍተት ሁለት ፕሮግራሞች ተጋግዘው ይሞሉታል። አንደኛው ኦ.ሲ.አር ይባላል፤ በስካነር የተነሣን ምስል ወደ ፊደልና ቁጥር ይለውጣል። ሁለተኛው የሶፍትዌር ሮቦት ነው። አካል የለውም፤ እንደ አንድ ሠራተኛ የራሱ መለያና የይለፍ ቃል ተሰጥቶት ወደ ኢ.አር.ፒው ይገባል፣ ሣጥኖቹን ይሞላል፣ ያስቀምጣል።

ለምሳሌ አርሲን እንውሰድ። የአርሲ ደጋ የብቅል ገብስ አገር ነው። ከጭላሎ ተራራ ሥር ባለችው አሰላ ከተማም የብቅል ፋብሪካ አለ። ገብስ ከየገበሬው የሚገዛ ድርጅት ለገብሱ የሚያዘጋጀው የራሱን የግዥ ሰነድ ነው፤ አነስተኛ ገበሬ የታተመ ደረሰኝ አይቆርጥምና። ጆንያ፣ መለዋወጫና የጭነት አገልግሎት ግን ከነጋዴ ስለሚገዙ ደረሰኛቸው ከውጭ ይመጣል። በመኸር ሰሞን፣ ከኅዳር ጀምሮ፣ ይህ ወረቀት በአንድ ጊዜ ይከመራል። ከዚህ በታች ያለው ግዥ ምናባዊ ቢሆንም አሠራሩ እንዲህ ዓይነት ግዥ ባለበት ሁሉ ያው ነው።

ድርጅቱ 2,000 ጆንያ በ48.50 ብር ገዛ እንበል። የዕቃው ዋጋ 97,000 ብር፣ 15 በመቶ ቫቱ 14,550 ብር፣ ጠቅላላው 111,550 ብር ይሆናል። ደረሰኙ ከካሽ ሬጅስተር ማሽን የወጣ ስስ ወረቀት ነው። በመጀመሪያ በ300 ዲ.ፒ.አይ ስካን ይደረጋል፤ ከዚያ ያነሰ ጥራት 5ን ከ8፣ 1ን ከ7 ያምታታል። ከዚያ ምስሉ ይቃናል፣ ጥቁርና ነጩም ይለያል። ንባቡን ቴሰራክት በተባለው ነፃ ፕሮግራም ማከናወን ይቻላል። ይህ ፕሮግራም በሂውሌት ፓካርድ ተጀምሮ በ2005 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለሕዝብ የተለቀቀ ሲሆን የአማርኛ ፊደልም ያነባል፦

```
tesseract dereseng.png out -l amh+eng --psm 6
```

የሚወጣው ጽሑፍ ገና መረጃ አይደለም። ሮቦቱ `TIN` ከሚለው ቃል አጠገብ ያሉትን 10 አሃዞች የሻጩ ቲን ቁጥር፣ `FS No.` ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ደግሞ የደረሰኙ ቁጥር አድርጎ ለይቶ ያወጣል። ሻጩን በስሙ መፈለግ ስህተትን መጋበዝ ነው። ሰ እና ሱ፣ በ እና ቡ በደበዘዘ ወረቀት ላይ ይመሳሰላሉ። ስሙ በትክክል ቢነበብ እንኳ አንዱ ኃይሉ፣ ሌላው ሀይሉ ብሎ ይጽፈዋል። ቲን ቁጥር ግን አንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ አለው፤ በኢ.አር.ፒው የአቅራቢዎች መዝገብ ውስጥ ካልተገኘ ሮቦቱ ቀጥሎ ያለውን ሥራ ያቆማል።

የሥራው ልብ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ወረቀቱ ደብዝዞ 14,550 የሚለው ቫት 14,850 ተብሎ ተነበበ እንበል። ሮቦቱ ምንም አያውቅም፤ ሒሳቡ ግን ያጋልጠዋል፦

```python
if abs(net * 0.15 - vat) > 0.05 or abs(net + vat - total) > 0.05:
    send_to_clerk(invoice)
```

የ97,000 ብር 15 በመቶ 14,850 አይሆንም። ስለዚህ ደረሰኙ ከምስሉ ጋር ወደ ሠራተኛዋ ገጽ ይላካል፤ እሷም አንዱን አሃዝ አርማ ትመልሰዋለች። ይህ ፍተሻ ለገንዘብ ቁጥሮች እጅግ ጥሩ ጠባቂ ነው። ለደረሰኝ ቁጥር ግን አይሠራም፤ የደረሰኝ ቁጥር ከሌላ ቁጥር ጋር የሚገናኝበት ስሌት የለውምና። 00001846 የሚለው በሁለተኛ ስካን 00001848 ተብሎ ቢነበብ ኢ.አር.ፒው አዲስ ደረሰኝ መስሎት ይቀበለዋል፤ ያው ጆንያ ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል። መከላከያው ቁጥሩን ብቻ አለማመን ነው። የአንድ ሻጭ፣ የአንድ ቀን፣ እኩል ድምር ያላቸው ሁለት ደረሰኞች ከተገኙ ቁጥራቸው ቢለያይም ሰው ሊያያቸው ይገባል።

ቀን ደግሞ የኢትዮጵያ ሒሳብ ክፍል በደንብ የሚያውቀው ወጥመድ ነው። ካሽ ሬጅስተሩ በፈረንጆች አቆጣጠር ሲያትም በፓድ የሚቆረጠው ደረሰኝ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል። 03/07/2017 ማለት መጋቢት 3 ቀን ነው፤ በፈረንጆች ማርች 12 ቀን 2025። ሮቦቱ እንዳለ ካነበበው ግዥውን ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይወስደዋል። ዓመቱ 2017 ሆኖ የሥራው ዘመን በፈረንጆች 2025 ከሆነ ቀኑ የኢትዮጵያ ነው ብሎ የሚለይ ደንብ ይህን ይፈታል። ጳጉሜ ግን ለብቻው መታሰብ አለበት። 04/13/2017 የሚል ቀን ሲመጣ ከውጭ የተሠራ ፕሮግራም 13ኛ ወር ስለማያውቅ፣ ወይ ስህተት ብሎ ይጥለዋል፣ ወይም ወሩንና ቀኑን አገላብጦ ኤፕሪል 13 የሚል ቀን በዝምታ ይጽፋል። ሁለተኛው ይከፋል፤ ማንም ሳያየው ያልፋልና። ሥርዓቱን የሚፈትሽ ሰው ከሁሉ በፊት የጳጉሜ ደረሰኝ ሊሰጠው ይገባል።

ከዚህ በኋላ ደረሰኙ ከግዥ ትዕዛዙና ከመጋዘኑ መረከቢያ ሰነድ ጋር ይመሳከራል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይህ መረከቢያ ሞዴል 19 ይባላል። የታዘዘው 2,000፣ የተረከቡት 1,950፣ የተጠየቀው ግን የ2,000 ዋጋ ከሆነ ንባቡ ፍጹም ትክክል ቢሆንም ክፍያው ትክክል አይደለም። እዚህ ላይ ሮቦቱ ልዩነቱን ያሳያል እንጂ አይወስንም። 50ው ጆንያ ነገ ይመጣ እንደሆነ የሚያውቀው የመጋዘን ኃላፊው ነው። ከሻጩ ሒሳብ የሚቀነሰው የዊዝሆልዲንግ ግብር ተመንም በሕግ ስለሚቀየር በኮዱ ውስጥ ሳይሆን ከነተፈጻሚነት ቀኑ በሠንጠረዥ ይቀመጣል።

ምዝገባው በሁለት መንገድ ይደረጋል። ኢ.አር.ፒው ለሌላ ፕሮግራም የተከፈተ መግቢያ ካለው መረጃውን በቀጥታ መላክ ይሻላል። ከሌለው ሮቦቱ እንደ ሰው በገጹ ላይ ይተይባል፤ አንድ ቁልፍ ቦታውን ቢቀይር ግን ይደናገራል። መብራት ሲጠፋም አደጋ አለ። ሮቦቱ «አስቀምጥ» የሚለውን ተጭኖ ምላሹን ሳያይ ኃይል ከተቋረጠ፣ ደረሰኙ መግባቱን ወይም አለመግባቱን አያውቅም። ስለዚህ ሲነሣ ያንኑ ደረሰኝ እንደገና ከመተየቡ በፊት በኢ.አር.ፒው ውስጥ መፈለግ አለበት።

በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ ሌላ ነገር ነው። በካርቦን የተቀዳ የአማርኛ የእጅ ጽሑፍን ኦ.ሲ.አር በሚያስተማምን ሁኔታ አያነብም፤ ከገጠር ከተማ የሚመጣው ወረቀት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ያንን በግድ ለማስነበብ ከመድከም ከመጀመሪያው ለይቶ ለሠራተኛዋ መስጠት ይቀላል። ሮቦቱ በትክክል ይሠራ እንደሆነ የሚታወቀውም በየወሩ ሳይታረሙ ካለፉት ደረሰኞች ጥቂቱን በዕጣ አውጥቶ ከወረቀቱ ጋር በማስተያየት ነው። ወደ ሠራተኛዋ የተመለሱት ብዛት ብቻውን አያስረዳም፤ ሳይታይ ያለፈ ስህተት ከእነዚያ መካከል አይገኝምና።