ድርሰቱ አንድ፣ ማርኩ ዘጠኝ፦ ስለ ድርሰት እርማት ተረትና እውነታ

ተረት፦ ልምድ ያለው አራሚ ጥሩ ድርሰትን ሲያይ ያውቃል።

እውነታ፦ ያውቃል፤ ግን ሌላው ልምድ ያለው አራሚ የሚያውቀው ሌላ ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፖል ዲድሪክና ባልደረቦቹ የኮሌጅ ጀማሪ ተማሪዎች የጻፏቸውን 300 ድርሰቶች ለ53 አንባቢዎች ሰጡ። አንባቢዎቹ የእንግሊዝኛ መምህራን፣ የሳይንስ ምሁራን፣ ጸሐፊዎችና አርታኢዎች፣ የሕግና የንግድ ሰዎች ነበሩ። መስፈርት አልተሰጣቸውም፤ በራሳቸው ሚዛን ድርሰቶቹን በዘጠኝ ደረጃ እንዲከፍሉ ብቻ ተጠየቁ። ከ300ዎቹ 101 ድርሰቶች ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉትን ደረጃዎች በሙሉ አገኙ፤ ከአምስት ያነሰ የተለያየ ደረጃ ያገኘ ድርሰት አልነበረም። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲፈትሹ አንዱ ቡድን ሐሳብን፣ ሌላው ሰዋስውንና ሥርዓተ ነጥብን፣ ሌላው ደግሞ የድርሰቱን አደረጃጀት አስቀድሞ እንደሚመዝን አገኙ። ልዩነቱ ከስንፍና የመጣ አልነበረም፤ እያንዳንዱ በትጋት የመዘነው የተለያየ ነገር ነው።

ተረት፦ መስፈርቱ በደንብ ከተጻፈ ችግሩ ይፈታል።

እውነታ፦ መስፈርት ምን እንደሚመዘን ይናገራል፤ ስንት እንደሚበቃ ግን አይናገርም። «ሐሳቡን በበቂ ማስረጃ የደገፈ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለአንዱ አራሚ አንድ ምሳሌ ማለት ነው፣ ለሌላው ሦስት። ቃሉን በሌላ ቃል ማብራራት ክርክሩን ወደ አዲሱ ቃል ያዛውረዋል እንጂ አያቆመውም። የሚያቆመው ማመሳከሪያ ድርሰት ነው። እርማት ከመጀመሩ በፊት ዋና አራሚዎች ከራሱ ከፈተናው ወረቀት መካከል የተወሰኑትን ይመርጣሉ፤ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ያርማሉ፤ ከተወያዩ በኋላ የተስማሙባቸውን ከነምክንያታቸው ያስቀምጣሉ። የገጠርና የከተማ ኑሮን በሚያወዳድር ፈተና፣ ባለ ስድስት ደረጃ መለኪያ ላይ የ«4» ማመሳከሪያ ሁለት ምሳሌ አቅርቦ አንዱን ብቻ ያብራራ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወዲያ «በቂ» ምን ማለት እንደሆነ አራሚው ወረቀቱን ገልጦ ያያል።

ማመሳከሪያ ሲባል የሁሉም በላጭ የሆነ አርአያ ድርሰት አድርገው የሚያስቡ አሉ። ምርጡንና ደካማውን ለመለየት ግን በአንድ መስፈርት የሚሠሩ አራሚዎች ብዙውን ጊዜ አይቸገሩም፤ በብዛት የሚለያዩት መካከል ላይ፣ በ3 እና በ4 ድንበር ነው። ስለዚህ ለየደረጃው ናሙና ያስፈልጋል፤ በተለይም «ለ4 ጥቂት የቀረው 3» እና «ለጥቂት 4 የሆነ» የሚባሉት። ርዕሱ ሲለወጥም ናሙናው ይለወጣል፤ ለክርክር ድርሰት የተመረጠው ለትረካ አያገለግልም።

ተረት፦ የአራሚዎቹ አማካይ ከተቀራረበ ተስማምተዋል።

እውነታ፦ ለልምምድ የተስማሙባቸው አምስት ድርሰቶች ትክክለኛ ነጥባቸው 2፣ 3፣ 4፣ 4፣ 5 ነው እንበል፤ አማካዩ 3.6። አንደኛው አራሚ 1፣ 2፣ 3፣ 3፣ 4 ይሰጣል፤ አማካዩ 2.6። ሁለተኛው 4፣ 2፣ 4፣ 5፣ 3 ይሰጣል፤ አማካዩ ልክ 3.6። አማካይ ብቻ ያየ ኃላፊ አንደኛውን ይወቅሳል። ሆኖም አንደኛው ጨካኝ ቢሆንም ድርሰቶቹን በትክክለኛ ቅደም ተከተል ደርድሯል፤ ማመሳከሪያዎቹን ደግሞ ሲያነብ ድንበሩን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ይበቃዋል። ሁለተኛው ግን ደካማውን ድርሰት ከምርጡ አስበልጧል፤ ሌላ ነገር እየመዘነ ነው። እሱን የሚያስተካክለው ለእያንዳንዱ ነጥብ ምክንያቱን ተናግሮ ከማመሳከሪያው ምክንያት ጋር ማስተያየት ነው፤ ካልተስተካከለ ወደ እርማቱ ባይገባ ይሻላል። ስለዚህ የሚታየው የእያንዳንዱ ድርሰት ልዩነት ነው። የተስተካከለ አራሚም ሲደክም ወይም ብዙ ደካማ ወረቀት በተከታታይ ሲያነብ ይንሸራተታል፤ ነጥባቸው የታወቀ ወረቀቶችን ሳይነገረው በክምሩ መካከል እየጨመሩ መፈተሽ ያስፈልጋል።

ይህ አሠራር የመምህሩን ዳኝነት ይገድላል የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ዳኝነቱ ግን አልጠፋም፤ ናሙና ሲመረጥ በጋራ ተሰጥቷል፣ ናሙናዎቹን የማይመስል ወረቀት ሲመጣም እንደገና ይጠየቃል። ለተማሪው የሚደርሰው ግን ማርኩ ነው፤ ማርኩን ደግሞ ወረቀቱ በማን እጅ እንደገባ ሊወስነው አይገባም። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሁሉም ተስማምተው አብረው ሊሳሳቱ ይችላሉ የሚለው ነው፤ ይህ እውነት ነው። የ5 ማመሳከሪያዎች በሙሉ ረጃጅምና በውብ የእጅ ጽሑፍ የተጻፉ ከሆኑ አራሚዎቹ የሚስማሙት በርዝመትና በእጅ ጽሑፍ ይሆናል። መድኃኒቱ ያለው ከምርጫው ነው፦ አጭር ሆኖ 5 ያገኘ፣ ረጅም ሆኖ 3 ላይ የቀረ፣ ጽሑፉ አስቀያሚ ሆኖ ሐሳቡ የጠነከረ ድርሰት ከናሙናዎቹ መካከል ሊኖር ይገባል። አራሚዎች መስማማታቸው ብቻውን ማርኩን ትክክል አያደርገውም፤ የተስማሙበት ናሙና ምን እንደሚያስተምር መመርመር አለበት።