የተረሳችው 0.85

ለፋርማሲ የሙያ ፈቃድ ፈተና የምትዘጋጅ አንዲት ምሩቅ የልምምድ ጥያቄ እየሠራች ነው። የ70 ዓመት እናት ናቸው፤ ክብደታቸው 50 ኪሎ፣ የደማቸው ክሪያቲኒን በዴሲሊትር 1.5 ሚሊግራም። እግራቸው ላይ ደም ረግቷል። ኢኖክሳፓሪን እንዴት ይሰጣቸው? ምሩቋ «50 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ» የሚለውን መረጠች። ትክክለኛው መልስ «50 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ» ነበር።

ብዙ ተፈታኝ እዚህ ላይ ስለ ደም ማቅጠኛ የሚያወራውን ምዕራፍ እንደገና ማንበብ ይጀምራል። ግማሽ ቀን ያልፋል፤ ስሕተቱ ግን እዚያ የለም። ምሩቋ መድኃኒቱን በደንብ ታውቃለች። የኩላሊት የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ30 ሚሊሊትር ሲወርድ ለሕክምና የሚሰጠው መጠን በቀን አንድ ጊዜ እንደሚሆንም አልጠፋትም። ስሌቷን መስመር በመስመር ስታየው ነገሩ ተገለጠ። ከ140 ላይ ዕድሜውን ቀንሳ በክብደቱ አባዛች፤ 3,500 መጣ። 72ን በ1.5 አባዝታ ባገኘችው 108 ስታካፍል 32 ሆነ። ታካሚዋ ሴት ስለሆኑ ውጤቱ በ0.85 መባዛት ነበረበት፤ ያኔ 27.5 ገደማ ይመጣል። አንዲት የተረሳች ቁጥር ታካሚዋን ከ30 በላይ አውጥታቸዋለች።

ስለዚህ በስሕተት ደብተሯ ላይ «ደም ማቅጠኛ» ብላ አልጻፈችም። የጻፈችው «ጾታን ሳላይ አሰላሁ» ነው። እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው፤ የምዕራፉን ስም ትቶ የሳተበትን እርምጃ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ። አለማወቅ፣ ጥያቄን በጥድፊያ ማንበብና የስሌት ስሕተት መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። ገምቶ ያገኘውንም ጥያቄ ከተሳሳተው ጋር መመዝገብ ይገባል።

ዕቅዱ ከባድ አይደለም። ጠዋት 40 የተደባለቁ ጥያቄዎች በሰዓት ገደብ ይሠራሉ። ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ በሙሉ ለተሳቱት ይሰጣል፤ አሥር ጥያቄ በወጉ መመርመር 40 ከመሥራት ቢበልጥ አያስደንቅም። እያንዳንዱ ስሕተት ከ2 ቀን፣ ከሳምንት፣ ከዚያም ከ3 ሳምንት በኋላ መልሱ ተሸፍኖ እንደገና ይሠራል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ተፈታኙ ጥያቄውን ሳይሆን «መልሱ ሐ ነው» የሚለውን ሊያስታውስ ይችላል። መለያው ቀላል ነው፤ ቁጥሩን ወይም ታካሚውን መቀየር። እናትዮዋን በእኩል ዕድሜና ክብደት አባት ብንተካቸው ውጤቱ 32 ይሆንና በየ12 ሰዓቱ የሚለው ትክክል ይሆናል። በልማድ «በቀን አንድ ጊዜ» ያለ ሰው ጥያቄውን ገና አልተማረውም።

ደብተሩ የማያሳየው ነገርም አለ፤ ጭራሽ ያልተጠየቁትን ርእሶች። ስለዚህ በየሳምንቱ መጨረሻ ደብተሩን ከፈተናው የይዘት ዝርዝር ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩ የጥያቄ ጥራዞች የመልስ ቁልፋቸው ራሱ የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። ቁልፉና ስሌቱ ሲጣሉ ወደ መደበኛው የሕክምና መመሪያ ሄዶ ማረጋገጥ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ደብተሩ ማስገባት ነው።