ለተነገረው ቃል ዋሱ ማን ነው?

እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 2003 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ለአሜሪካ ምክር ቤት ዓመታዊ ንግግር ሲያደርጉ፣ በእንግሊዝኛ 16 ቃላት ብቻ ያሉት አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ሐሳቡ ሳዳም ሁሴን በቅርቡ ከአፍሪካ ብዙ ዩራኒየም ለማግኘት መሞከሩን የብሪታንያ መንግሥት ደርሶበታል የሚል ነበር። ከሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ የኢራቅ ጦርነት ተጀመረ። ዓረፍተ ነገሩም «አሥራ ስድስቱ ቃላት» የሚል ስም ወጥቶለት ለወራት አከራከረ።

የክርክሩ እምብርት ከአሥራ ስድስቱ አንዱ ነው። ቡሽ «የብሪታንያ መንግሥት እንዲህ ይላል» አላሉም፤ «ደርሶበታል» ነው ያሉት። አንድ ሰው የሌለ ነገር ሊል ይችላል፤ ያልሆነ ነገር ላይ ግን ሊደርስበት አይችልም። ስለዚህ አድማጩ ሳያስበው ሁለት ነገር ተቀበለ፦ ወሬው የመጣው ከብሪታንያ እንደሆነ፣ ተናጋሪው ፕሬዚዳንትም እውነት ነው ብለው ዋስ እንደቆሙለት።

ዋስትናው ግን መሠረቱ ጽኑ አልነበረም። የብሪታንያ መንግሥት መስከረም 2002 ያወጣው ሰነድ ሙከራው ስለመኖሩ የስለላ መረጃ አለ ከማለት አላለፈም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር የሲአይኤ ዳይሬክተር ጆርጅ ቴኔት ተመሳሳይ ሐሳብ ከሌላ የፕሬዚዳንቱ ንግግር እንዲወጣ አድርገው ነበር። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የመረጃ ክፍልም ወሬው እጅግ አጠራጣሪ መሆኑን በጽሑፍ አስፍሯል። መጋቢት 2003 የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ኃላፊ መሐመድ ኤልባራዳይ፣ ከኒጀር ጋር ስለተደረገ የዩራኒየም ስምምነት የቀረቡት ሰነዶች ትክክለኛ አለመሆናቸውን ለጸጥታው ምክር ቤት አሳወቁ። ሐምሌ ላይ ቴኔት ዓረፍተ ነገሩ በንግግሩ ውስጥ መግባት እንዳልነበረበት ገልጸው ኃላፊነቱን ወሰዱ።

የፕሬዚዳንቱ የጸጥታ አማካሪ ኮንዶሊዛ ራይስ ግን በዚያው ሰሞን በቴሌቪዥን ቀርበው ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ነበር አሉ። ምክንያታቸው ብሪታንያ በእርግጥም እንዲያ ብላለች የሚል ነበር። በመከላከያው ላይ ግሱ ተለወጠ ማለት ነው፦ ሲነገር «ደርሶበታል» የነበረው፣ ሲጠየቅ «ብሏል» ሆነ። በኋላ፣ በ2004፣ አንድ የብሪታንያ አጣሪ ቡድን የሀገሩ መንግሥት ለወሬው በቂ መነሻ ነበረው ብሎ ደምድሟል። እሱ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ቡሽ «ይላል» ብለው ቢሆን ኖሮ ግን ዓረፍተ ነገሩ ወሬ ከመጥቀስ አያልፍም ነበር።

የቋንቋ ምሁራን ይህን የግሶች ጠባይ ለይተው የሚያወጡበት ቀላል መፈተኛ አላቸው። ፖል እና ካሮል ኪፓርስኪ በ1970 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ አንዳንድ ግሶች ሲያያዙት የመጣው ነገር እውነት መሆኑን አስቀድመው ይቀበላሉ። መለያው ግሱን በአሉታ መለወጥ ነው። በአማርኛ እንሞክረው። «ፋብሪካው ፍሳሽ ወደ ወንዙ መልቀቁን አመነ» የሚለውን «አላመነም» ብናደርገው፣ አንባቢው አሁንም ፍሳሹ ተለቅቋል ብሎ ያስባል፤ የተለወጠው ፋብሪካው ማመን አለማመኑ ብቻ ነው። «ፋብሪካው ፍሳሽ ለቅቄያለሁ አለ» የሚለው «አላለም» ሲሆን ግን ፍሳሽ ተለቀቀ አልተለቀቀ አይታወቅም። «አመነ» ዋስ ይሆናል፤ «አለ» አይሆንም።

ይህንኑ ፋብሪካ ይዘን ወደ አንድ የዜና ክፍል እንግባ። ዓሣ ሞቶ ተገኘ፣ የአካባቢው ነዋሪዎች ፋብሪካውን ወቀሱ፣ ሥራ አስኪያጁ ተጠይቀው «እኛ ወደ ወንዙ የለቀቅነው ፍሳሽ የለም» ብለው መለሱ እንበል። ሪፖርተሩ ወንዙን አላስመረመረም፤ በእጁ ያለው ይህ ቃል ብቻ ነው። አሁን ግስ መምረጥ አለበት።

«አሉ» ቢል ቃሉን ለባለቤቱ መልሶ ራሱ ከመሐል ይወጣል። «አስተባበሉ» ቢል ከመልሱ በፊት ክስ እንደነበረ ለአንባቢው ይነግራል፣ ማን እውነቱን እንደያዘ ግን ክፍት ይተዋል። «ካዱ» ቢል ፈርዷል፤ በዕለት ተዕለት አነጋገር የሚክድ ሰው ያደረገውን የሚክድ ነውና። «አረጋገጡ» ብሎ ከጻፈ ደግሞ ፍርዱ ወደ ሌላው ወገን ይዞራል፤ ሥራ አስኪያጁ ስለ ራሳቸው የተናገሩትን ሪፖርተሩ ሳያጣራ ማኅተም መታበት። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የሥራ አስኪያጁ ቃል አንድ ፊደል አልተለወጠም።

አንድ ግስ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ክብደት እንደማይኖረውም ማወቅ ይገባል። በፍርድ ቤት ተከሳሽ «የእምነት ክህደት ቃል» ይጠየቃል፤ ድርጊቱን አልፈጸምኩም ካለ መዝገቡ «ክዶ ተከራክሯል» ይላል። እዚያ ቃሉ የሥነ ሥርዓት ስም እንጂ ወቀሳ አይደለም። ያው መዝገብ ተገልብጦ በጋዜጣ ገጽ ላይ «ድርጊቱን ካደ» ተብሎ ሲወጣ ግን ሰውየው ፍርድ ሳያገኝ ጥፋተኛ ሆኖ ይነበባል። የፍርድ ቤት ዜና የሚሠራ ሰው «አልፈጸምኩም ብሎ ተከራከረ» በማለት ከዚህ ወጥመድ መውጣት ይችላል።

በአማርኛ ደግሞ ጉዳዩ በግሱ ብቻ አያልቅም፤ ከግሱ በፊት የሚመጣው አካል አቀማመጥም የራሱን ድርሻ ይጫወታል። «መንገዱ ተጠናቅቋል ሲል ጽሕፈት ቤቱ ገለጸ» እና «ጽሕፈት ቤቱ መንገዱ መጠናቀቁን ገለጸ» የሚሉትን አስተያዩ። ምንጩም ግሱም አንድ ነው። የመጀመሪያው «ሲል» በሚለው ቃል ንግግሩን አጥሮ ለተናጋሪው ያስረክበዋል። ሁለተኛው ግን «መጠናቀቁን» ብሎ ነገሩን ስም ያደርገዋል፤ ስም የተሰጠው ነገር ደግሞ ያለ ነገር ይመስላል። አንባቢው የሚያስታውሰው መንገዱ መጠናቀቁን እንጂ ጽሕፈት ቤቱ እንዲያ ማለቱን አይደለም። የመግለጫ ቋንቋችን በብዛት የሚመርጠው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ «መሆኑን አስታወቀ»፣ «መከናወኑን ገለጸ»፣ «መመዝገቡን አመለከተ»። ዜናውን የሚሠራው ሰው የመጣለትን መግለጫ እንዳለ ሲገለብጥ ዋስትናውንም አብሮ ይፈርማል።

ከዚህ አንድ እርምጃ የሚያልፈው «ተገለጸ» ነው። «የዋጋ ንረቱ መቀነሱ ተገለጸ» በሚል ርእስ ውስጥ የገለጸው ሰው የለም። ስሙ በዜናው ሦስተኛ አንቀጽ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ርእሱን ብቻ አይቶ የሚያልፈው አንባቢ ግን እዚያ አይደርስም። የሰፈር አነጋገር በዚህ ረገድ ይበልጥ ጠንቃቃ ነው። «ዋጋ ቀንሷል አሉ» የሚል ሰው ያንን «አሉ» መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጠው እኔ አላየሁም፣ በኋላ እንዳትይዙኝ ለማለት ነው። «አሉ» ምንጩን ባይናገርም ዋስትና እንደሌለ በግልጽ ይናገራል። «ተገለጸ» ምንጩንም ይሰውራል፣ ጥርጣሬውንም ያጠፋል።

በጥናት ጽሑፍ ውስጥም ምርጫው ያው ነው፣ መልኩ ብቻ ይለያል። አንድ ተመራማሪ የሌላውን ሥራ ሲጠቅስ «እገሌ እንዳመለከተው» ካለ ከእገሌ ጋር ቆሟል። «እገሌ እንደሚለው» ካለ ገና አልወሰነም። «እገሌ እንደሚከራከረው» ካለ ሌላ ወገን እንዳለ ያሳያል፤ አንባቢው ቀጥሎ ተቃራኒውን ሐሳብ ይጠብቃል። ኬን ሃይላንድ የተባለው የቋንቋ ተመራማሪ በ1999 ባወጣው ጥናት ከስምንት የትምህርት ዘርፎች 80 ጽሑፎችን መርምሮ ዘርፎቹ በግስ ምርጫ እንደሚለያዩ አሳይቷል። ፍልስፍናን በመሳሰሉት ዘርፎች መከራከርና ሐሳብ ማቅረብን የሚያመለክቱ ግሶች ይበዛሉ፤ በተፈጥሮ ሳይንስና በምህንድስና ደግሞ ምን እንደተሠራና ምን እንደተገኘ የሚዘግቡት። ክርክር ዋና ሥራው በሆነበት ሙያ «ይከራከራል» ማለት ማሳነስ አይደለም። የላብራቶሪ ውጤትን «ይከራከራል» ብሎ መጥቀስ ግን ውጤቱን እንደ መጠርጠር ይቆጠራል።

ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ስህተት አንድ ሐሳብ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ግሱ እየከበደ መሄዱ ነው። የካቲት 1998 አንድሩ ዌክፊልድ እና ባልደረቦቹ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ 12 ሕፃናት ጻፉ። ጽሑፉ በስምንቱ ላይ የታየውን የጠባይ ለውጥ ከኩፍኝ፣ ከጆሮ ደግፍና ከሩቤላ ጥምር ክትባት ጋር ያያያዙት ወላጆች መሆናቸውን ይናገራል፤ ክትባቱ ችግሩን ስለማምጣቱ ማረጋገጫ አለመገኘቱንም በግልጽ አስፍሯል። ማለትም «ወላጆች አያያዙት» ከሚለው አላለፈም። ጽሑፉ ሲወጣ በተሰጠው ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ግን ዌክፊልድ ጥምር ክትባቱ እንዲቆም ሐሳብ ሰጠ፤ ከዚያ በኋላ በሕዝብ አፍ ላይ ነገሩ «ጥናት አረጋገጠ» ሆነ። በብሪታንያ የክትባት ሽፋን ወረደ፣ ኩፍኝም ተመልሶ መጣ። ሌሎች ሰፋፊ ጥናቶች ግንኙነት አላገኙም። ጽሑፉ ራሱ ከባድ የሥነ ምግባር ጥፋት ተገኝቶበት በ2010 ከመጽሔቱ ተሰረዘ። ያም ሆኖ «ጥናት አረጋገጠ» የሚለውን በመጀመሪያው ቀን ሊያስቆመው ይችል የነበረው ነገር በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ታትሞ ነበር።

አንባቢ እንዲህ ያለውን የግስ ዕድገት ለመያዝ የቋንቋ ምሁር መሆን አያስፈልገውም። «አረጋገጠ»፣ «አጋለጠ»፣ «ይፋ አደረገ» የሚል ሲያይ ግሱን አውጥቶ በምትኩ «አለ» ያስገባ። ከዚያ በኋላ በዜናው ውስጥ ሰነድ፣ ልኬት፣ የዓይን ምስክር ወይም ሁለተኛ ምንጭ ከቀረ ከባዱ ግስ በቦታው ነው። ምንም ካልቀረ ዜናው የያዘው የአንድ ሰው ቃል ብቻ ነው። «ተገለጸ» ሲያይ ደግሞ «በማን?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን በጽሑፉ ውስጥ ይፈልግ።

ለሪፖርተርና ለአርታኢም ተመሳሳይ ጥያቄ ይቀርባል። ያላዩትን ነገር «ሲል ተናገረ» ብለው ቢጽፉ ዓረፍተ ነገሩ በአንድ ቃል ይረዝማል እንጂ አይበላሽም። «ካደ» እና «አመነ» ደግሞ ከመታተማቸው በፊት የአንድ ሰው ተጨማሪ ዓይን ይፈልጋሉ፤ በእነዚህ ሁለት ግሶች ምክንያት ስሙ የሚጠፋው ሰው በማግስቱ የሚወጣውን እርማት የሚያነብለት ጥቂት ነው።