ቃናው የማን ነው? ድባቡስ ከየት መጣ?

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የታተመ በመሆኑ በ2018 ዓ.ም. 60 ዓመት ሞላው። በዓሉ ሰዎችን ወደ መጽሐፉ ሲመልሳቸው በእኛ በአማርኛ መምህራን ዘንድ አንድ የቆየ ጥያቄም አብሮ ተነሣ። ላፍቶ ውስጥ ለ8ኛና ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ከዚህ ልብ ወለድ አንድ ክፍል አንብባችሁ «የጽሑፉ ቃና ምንድን ነው? ድባቡስ?» ብትሏቸው ብዙውን ጊዜ ለሁለቱም አንድ መልስ ታገኛላችሁ፤ «አሳዛኝ» ይሏችኋል። በዛብህ ይሞታል፣ ሰብለ ወንጌል ትመነኩሳለች፣ ከጉዱ ካሳ ጋር በአንድ መቃብር ያርፋሉ። ታሪኩ አሳዛኝ ስለሆነ ሁሉም ነገር አሳዛኝ ነው ብለው ይደመድማሉ።

ይህ መልስ ስለ ታሪኩ እውነት ቢሆንም ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ አይሆንም። ቃና ተራኪው ስለሚናገርለት ሰው ወይም ነገር ያለው አመለካከት ነው፤ ንቀት፣ አክብሮት፣ ስላቅ፣ ርኅራኄ ሊሆን ይችላል። ድባብ ደግሞ በንባቡ ዓለም ውስጥ የሰፈነው አየር ነው፤ ፍርሃት፣ ጸጥታ፣ ጥድፊያ፣ ተስፋ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን በዚህ መልኩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ተማሪው መልሱን በየትኛው ቃል እንደሚያስረግጥ ማሳየት ነው። ይህ ዳሰሳም የሚያተኩረው በማስረጃው ላይ ነው።

ሁለቱን የመለየቱ ትምህርት ረጅም ታሪክ አለው፤ እዚህ በአጭሩ አልፈዋለሁ። የካምብሪጁ መምህር አይ. ኤ. ሪቻርድስ የገጣሚዎቹን ስም ሰውሮ ግጥሞችን ለተማሪዎቹ በማደል የጻፉትን አስተያየት ሰበሰበ፤ ውጤቱንም በ1929 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በዚያ መጽሐፉ የአንድን ንግግር ትርጉም በአራት ከፍሎ ቃናን ራሱን አስችሎ አቆመው። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች የቃና ስሞችን ዝርዝር ለተማሪ ማደል ለመዱ። የእኛም ልጆች በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ያገኙትን ዝርዝር ይዘው ወደ አማርኛው ክፍል ይመጣሉ። ዝርዝሩ ስም ያስታውሳል እንጂ ማስረጃ መፈለግን አያስተምርም። የቅኔ ቤት ተማሪ ግን ሰሙንና ወርቁን ሲፈታ እያንዳንዱን ቃል ለምን እዚያ እንደገባ እንዲመረምር ይገደዳል፤ ከዝርዝሩ ይልቅ ለዚህ ሥራ የሚቀርበው ይህ ልማድ ነው።

አማርኛ ለዚህ ሥራ ከብዙ ቋንቋዎች የተሻለ መሣሪያ ያቀብላል። አንድ ሰው መሞቱን ስንናገር ሞተ፣ ዐረፈ፣ ተሰናበተ እንላለን፤ አራተኛው «ተደፋ» ነው። የሆነው ነገር አንድ ነው፣ የተናጋሪው አመለካከት ግን አራት ነው። አንድ ሰው ሲናገር ደግሞ ተናገረ፣ አወጋ፣ ለፈለፈ፣ ደሰኮረ ይባላል። የግሡ ቅርጽም ይመሰክራል፤ በ«መጣ» እና «መጡ» መካከል ያለው ርቀት ገና ቅጽል ሳይጨመር ቃናን ይሰጠናል። እንደ «ቤቷ» እና «ብዕሯ» ያለው የሴት አንቀጽም የማሳነስ ወይም የማቆላመጥ ስሜት ሊሸከም ይችላል። ተማሪው እነዚህን በየቀኑ እየተጠቀመባቸው ያደገ ስለሆነ ከእሱ የሚጠበቀው የሚያውቀውን ነገር በንባብ ውስጥ ማየት ብቻ ነው።

በክፍል የምጠቀምበትን መንገድ በምሳሌ ላሳይ። ምሳሌው ለዚሁ ትምህርት የተጻፈ ነው፤ ቦታውም ተማሪዎቹ የሚያውቁት የሰፈራቸው የአትክልት ገበያ ነው።

«ሰማዩ ላፍቶ ላይ ተደፍቷል። የሸራው ጠርዝ በነፋስ ይርገበገባል፤ ከጎመኑ ክምር ሥር ጭቃው እየጠቆረ ሄዷል። ደላላው ጥግ ተወሽቆ ስለ ዋጋ ይደሰኩራል። እማማ ግን የቀሯቸውን ሦስት እስር ጎመን በነጠላቸው ሸፍነው ቀና ብለው ተቀምጠዋል።»

መጀመሪያ ተማሪዎቹ ስለ ደላላው የተነገሩትን ቃላት ብቻ ለዘብ ባሉ ቃላት እንዲተኩ አደርጋለሁ። «ደላላው ጥግ ተጠልሎ ስለ ዋጋ ያስረዳል» ይሆናል። ሰማዩ፣ ሸራውና ጭቃው ግን አልተነኩም። አሁን ጽሑፉ እንደገና ሲነበብ ለደላላው የነበረው ንቀት ይጠፋል፤ የገበያው ክብደትና ስጋት ግን እንዳለ ይቀራል። እንግዲህ «ተወሽቆ» እና «ይደሰኩራል» የቃና ማስረጃዎች ናቸው። ሁለቱን ስናነሣ የተለወጠው ተራኪው ለሰውየው ያለው አመለካከት ስለሆነ ነው።

ቀጥሎ ሥራውን እንገለብጠዋለን። የደላላውን ዓረፍተ ነገር ወደ ነበረበት መልሰን ሌላውን እንለውጣለን፤ ሰማዩ ይጠራል፣ የሸራው ጠርዝ ይወዛወዛል፣ ከክምሩ ሥር ያለው መሬት ደርቆ ይነጣል። ስጋቱ ይበናል፣ ገበያው ቀለል ይላል። ደላላው ግን አሁንም ተወሽቆ ይደሰኩራል፤ ንቀቱም ከእርሱ ጋር አለ። ይህን ሁለቴ የሠራ ተማሪ ቃናና ድባብ አንድ ናቸው ለማለት ይቸግረዋል፤ አንዱ ሲለወጥ ሌላው ሲቀር በዓይኑ አይቷልና።

ከዚህ ምሳሌ ሌላም ነገር ይወጣል። በአንድ ድባብ ሥር ሁለት ቃናዎች አብረው ይኖራሉ። ተራኪው ደላላውን በተራ የነጠላ ግሥ ያነሣዋል፤ ለሴቲቱ ግን «እማማ» ብሎ «ሸፍነው»፣ «ተቀምጠዋል» ይላል። «ቀና ብለው» የሚለውም ለጥንካሬያቸው ያለውን ክብር ያሳያል። ስለዚህ «የጽሑፉ ቃና» እያልን በአንድ ስም መጠየቅ ራሱ ጥያቄውን ያደክመዋል። «ተራኪው ለማን ምን ዓይነት አመለካከት አለው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

መስመሩ ሁልጊዜ ንጹሕ እንዳልሆነም ለተማሪው መንገር ይገባል። «ሰማዩ ተደፍቷል» የሚለውን ቃል የመረጠው ያው ተራኪ ነው፤ «ጠቁሯል» ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። የምንለየው ቃሉ በማን ወይም በምን ላይ እንዳረፈ በማየት ነው። በሰው ላይ የሚፈርድ ቃል ወደ ቃና ያደላል፤ ብርሃንን፣ ድምፅን፣ አየርን እያከማቸ የሚሄድ ቃል ወደ ድባብ ያደላል። ድባብ በአንድ ቃል አይቆምም፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ቃላት ወደ አንድ አቅጣጫ መሳብ አለባቸው። ቃና ግን አንዳንዴ በአንዲት ግሥ ብቻ ይጋለጣል።

በተማሪዎች ደብተር ላይ የሚታየው ዋና ስሕተት ድርጊትን በማስረጃነት ማቅረብ ነው። «ድባቡ አስፈሪ ነው፣ ምክንያቱም ዝናብ ሊመጣ ነው» ይላሉ። ዝናብ ለገበሬ ደስታ፣ ለጎመን ሻጭ ጭንቀት ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግረን የተመረጠው ቃል ነው። ሌላው የተለመደ ስሕተት የገጸ ባሕርይን ንግግር ለተራኪው መስጠት ነው። ለዚህ የ«ጉዱ ካሳ» ስም ራሱ ጥሩ መፈተኛ ነው። «ጉዱ» የሚሉት የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ ሐሳቡ ከእነሱ ልማድ ስላፈነገጠ አብዷል ብለው የሰጡት ስም ነው። ቃሉ የእነሱን ቃና ይመሰክራል እንጂ ደራሲው ካሳን መናቁን አያሳይም፤ ልብ ወለዱ ለሰውየው ሐሳብ የሚሰጠው ቦታም ተቃራኒውን ይናገራል።

አሁን ወደምወደው ክርክር ልምጣ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ብዙ ኢትዮጵያዊ ያወቀው በዓይኑ አንብቦ ሳይሆን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶ ነው። ወጋየሁ የመድረክ ሰው ነበር፤ ፊታውራሪ መሸሻን ሲያነብ ፊታውራሪው ከነትዕቢታቸው ይመጣሉ። ታዲያ መምህራን በሁለት ይከፈላሉ። ገሚሱ ትረካውን በክፍል ያሰማል፤ ተማሪው ቃናን በጆሮው ይያዝ ይላል። ሌላው ይህ ተማሪውን ያሰንፈዋል ይላል። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ፤ የወጋየሁን ትረካ ማክበሬ ግን ለጥርጣሬ የሚቀርብ አይደለም። ችግሩ ወጋየሁ በድምፁ የሚሰጠው ፍርድ ከቃሉ የመጣ ይሁን ከጉሮሮው ተማሪው መለየት አለመቻሉ ነው። «በምን ዐወቅህ?» ስትሉት «ሲነበብ እንደዚያ ይሰማል» ይላል። ስለዚህ ጽሑፉ መጀመሪያ ያለ ምንም የድምፅ ጌጥ ይነበብ፤ ተማሪው ቃላቱን ያስምር፣ ይተካ፣ ይፍረድ። ትረካው ከዚያ በኋላ ይሰማ፤ ያኔ ወጋየሁ የትኛውን ቃል እንዳጠበቀና ለምን እንዳጠበቀው መወያየት ይቻላል። ያ ጊዜ ጆሮ ፍርዱን የሚያጸናበት እንጂ የሚሰጥበት አይደለም።

የፊታውራሪ መሸሻ ጉዳይ ደግሞ ቀደም ብዬ ያመሰገንኩትን መሣሪያ ልክ ያሳየናል። ተራኪው ፊታውራሪውን በማዕረጋቸውና በአንቱታ ነው የሚያነሣቸው። አንቱታን ብቻ አይቶ «ቃናው አክብሮት ነው» የሚል ተማሪ ይሳሳታል። አልገብርም ባለው ባላገር ላይ የሚዘምቱበትና የሚማረኩበት ክፍል ሲነበብ ማዕረጉ እንደተጠበቀ ነው፤ ስለ ራሳቸው በሚያስቡትና በሚደርስባቸው መካከል ያለው ርቀት ግን እየሰፋ ይሄዳል፤ ስላቁ የሚወለደውም ከዚያ ርቀት ነው። ዘመቻ በባሕርይው የሚያስፈራ ነገር ሆኖ ሳለ ተራኪው ሰውየውን መሳቂያ ያደርጋቸዋል። ድባብና ቃና ተቃራኒ መንገድ የሚሄዱበትን ቦታ ማሳየት የሚፈልግ መምህር ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

ይሁንና ስላቅ ተቆርጦ በወጣ አጭር አንቀጽ አይፈተንም። በፈተና ወረቀት ላይ አምስት መስመር ቀንጭቦ፣ ከሥሩ አራት አማራጭ ደርድሮ «ቃናው የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ መጽሐፉን ያነበበውንም ያላነበበውንም እኩል ያስገምታል። ፊደል ያከበበ ተማሪ ያየውን ቃል አያሳየንም። የምርጫ ጥያቄ መቅረት ካልቻለ ቢያንስ ጥያቄው ይገልበጥ፤ «ተራኪው ደላላውን መናቁን የሚያሳየው ቃል የቱ ነው?» ተብሎ «ጥግ»፣ «ዋጋ»፣ «ይደሰኩራል» እና «ጭቃው» ይሰጡት። ያኔ የሚመረጠው የስሜት ስም ሳይሆን ማስረጃ ይሆናል።

በጽሑፍ ለሚመለስ ጥያቄ ደግሞ ከ8ኛ ክፍል ተማሪ የምጠብቀው ይህን ያህል ነው፦ «ተራኪው ደላላውን ይንቀዋል፤ ‹ያስረዳል› ማለት ሲችል ‹ይደሰኩራል› ብሏል። ድባቡ ግን የስጋት ነው፤ ‹ተደፍቷል›፣ ‹ይርገበገባል› እና ‹እየጠቆረ› የሚሉት ቃላት ደላላው ባይኖርም ገበያውን ያከብዱታል።» የተመረጠው ቃል አለ፣ ሊመረጥ ይችል የነበረው አለ፣ ልዩነቱም ተነግሯል። በ9ኛ ክፍል የምጨምርበት «ይህን አመለካከት የያዘው ማን ነው፤ ተራኪው ወይስ ገጸ ባሕርይው?» የሚለውን ጥያቄ ብቻ ነው።