ቀበሮ፣ ጃክልና ትንሽ ተኩላን በብዥታ የሌሊት ፎቶ መለየት

ቀበሮ፣ ጃክልና ትንሽ ተኩላን በሌሊት ፎቶ መለየት በደቡብ ወሎ፣ በተለይ በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ፣ በጨለማ የተነሣ ግልጽ ያልሆነ ፎቶ ላይ የሚታየው የውሻ አስተኔ እንስሳ የትኛው እንደሆነ የሚታወቅበት መንገድ ነው። ጉዳዩ የስም ብቻ አይደለም። በግ በላ ተብሎ የሚታደነው እንስሳ በዓለም ላይ ከ500 ያነሱ አዋቂዎች ብቻ የቀሩት ቀይ ቀበሮ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ አንድ ተራ ውሻ «ቀይ ቀበሮ ታየ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል።

## የስም ችግር

በአማርኛ «ቀበሮ» የሚለው ቃል ቢያንስ ሦስት ዓይነት እንስሳትን ይሸፍናል። እነርሱም ጃክሎች፣ እውነተኞቹ ፎክሶችና ቀይ ቀበሮ ናቸው። «ተኩላ» ደግሞ አንዳንዴ የዱር ውሻን፣ አንዳንዴ ሌላ አውሬን ያመለክታል። በውጭ ቋንቋም ቢሆን ችግሩ ያው ነበር። ኤድዋርድ ሩፔል በ1840 እ.ኤ.አ. ካኒስ ሲሜንሲስ ብሎ የሰየመው ቀይ ቀበሮ በእንግሊዝኛ መጻሕፍት «የስሜን ፎክስ»፣ «የስሜን ጃክል» እና «የኢትዮጵያ ተኩላ» ተብሎ በሦስቱም ስም ተጠርቷል። የዘር ጥናት የተኩላ ወገን መሆኑን አረጋግጧል።

ሌላው የስም ለውጥ የቅርብ ጊዜ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ በብዛት የሚታየው ግራጫማ ቡናማ እንስሳ ለረጅም ጊዜ «ወርቃማ ጃክል» ይባል ነበር። በ2011 እና በ2015 እ.ኤ.አ. የወጡ የዘር ጥናቶች ግን ከእስያና ከአውሮፓ ወርቃማ ጃክል ይልቅ ለግራጫ ተኩላ የሚቀርብ መሆኑን አሳዩ። አሁን የአፍሪካ ተኩላ (ካኒስ ሉፓስተር) ይባላል። ስለዚህ በአሮጌ መጽሐፍ «ጃክል» የተባለው እንስሳ ዛሬ «ትንሽ ተኩላ» ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በታች «ጃክል» ጥቁር ጀርባ ያለውን ጃክልና ባለ ጎን መስመሩን ጃክል፣ «ፎክስ» እውነተኞቹን ትንንሽ ቀበሮዎች፣ «የአፍሪካ ተኩላ» ካኒስ ሉፓስተርን፣ «ቀይ ቀበሮ» ደግሞ ካኒስ ሲሜንሲስን ብቻ ያመለክታል።

## በአካባቢው የትኛው ይጠበቃል

የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን በተሁለደሬ ወረዳ ትገኛለች። የሐይቁ ዳርቻ ከፍታ ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ሲሆን ዙሪያው እርሻ፣ ባሕር ዛፍና መንደር ነው። በዚህ ዓይነት ቦታ ከሰው አጠገብ መኖር የሚችለው የአፍሪካ ተኩላ ነው። አይጥ፣ ጥንብ፣ ፍራፍሬና ቆሻሻ ይበላል፤ አልፎ አልፎም ግልገል ይወስዳል። ከሐይቅ በስተምሥራቅ ምድሩ በወረባቦ በኩል ወደ አፋር ቆላ ስለሚወርድ ጥቁር ጀርባ ያለው ጃክልም ከግምት መውጣት የለበትም። ፎክሶች ግን የቆላና የሜዳ እንስሳት ስለሆኑ በሐይቅ ዙሪያ ፎክስ መገኘቱ ያልተለመደ ነው።

ቀይ ቀበሮ የሚኖረው ብዙውን ጊዜ ከ3,000 ሜትር በላይ በጓሳና በአጭር ሣር በተሸፈነ ውርጭ ምድር ነው። በወሎ በደላንታ፣ በቦረና ሳይንትና በአቡነ ዮሴፍ ተመዝግቧል። ዋና ምግቡ አይጥ ስለሆነ በአብዛኛው በቀን ያድናል። ስለዚህ በሐይቅ ዳር በእኩለ ሌሊት የተነሣ ፎቶ ቀይ ቀበሮ ነው ለማለት ጠንካራ ማስረጃ ያስፈልጋል። በአምባሰል ከፍተኛ ጋራዎች ላይ ግን ጥያቄው ክፍት ነው። የአፍሪካ ተኩላም ደጋ ስለሚወጣ፣ ለምሳሌ በመንዝ ጓሳ ሁለቱ በአንድ ምድር ይኖራሉ፤ ከፍታ ብቻውን አይለያቸውም።

በእነዚህ ሁሉ ላይ ውሻ ይጨመራል። በመንደር አካባቢ በሌሊት ከሚነሡ ፎቶዎች ውስጥ መጀመሪያ ሊጣራ የሚገባው እርሱ ነው።

## የሌሊት ፎቶ ምን ይደብቃል

እንስሳ ሲያልፍ በራሱ የሚያነሣው ካሜራ ትራፕ በሌሊት የሚጠቀመው ኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ውጤቱ ጥቁርና ነጭ ነው። በዚህ ምክንያት የቀይ ቀበሮ ዋነኛ ምልክት የሆነው ቀይነት ይጠፋል። እንስሳው ለካሜራው በጣም ከቀረበ ደግሞ ብርሃኑ ስለሚበዛበት ማንኛውም እንስሳ ነጭ ደረት ያለው ይመስላል። የዓይን ማንጸባረቅም አይረዳም፤ የሁሉም ዓይን ያበራል።

ብዥታው ራሱ ግን ሥርዓት አለው። በሌሊት ካሜራው ለምሳሌ በሰኮንድ አንድ ሃያኛ ያህል ክፍት ሊሆን ይችላል። በሶምሶማ በሰኮንድ 2 ሜትር የሚሄድ እንስሳ በዚያ ጊዜ 10 ሴንቲ ሜትር ይንቀሳቀሳል። በዚህ ምክንያት አፈሙዙ የረዘመ፣ ጆሮው የሰፋ፣ እግሩ የጠፋ ይመስላል። ነገር ግን ብዥታው የሚለጥጠው በሄደበት አቅጣጫ ብቻ ነው። እንስሳው ከጎን ወደ ጎን ካለፈ ርዝመቱ አይታመንም፤ ቁመቱ ግን ብዙም አይለወጥም። «አፉ ረጅም ነው፣ ስለዚህ ቀይ ቀበሮ ነው» የሚለው መደምደሚያ በብዛት የሚሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰዓቱም መጣራት አለበት። የካሜራው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ከተሞላ 01:14 ማለት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው። ባለቤቱ በኢትዮጵያ ሰዓት ሞልቶት ከሆነ ግን ያው ፎቶ 07:14 ይላል፤ አንባቢውም የማለዳ ፎቶ ነው ብሎ የቀን አዳኙን ቀይ ቀበሮ ሊያስብ ይችላል።

## መለያ ምልክቶች

በቁመት መለካት የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ከመዳፍ እስከ ትከሻ ያለው ቁመት በግምት እንዲህ ነው፦

* ፎክስ፦ ፈዛዛው ፎክስ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ፤ ጆሮ ትልቁ ፎክስ ከ30 እስከ 40
* ጥቁር ጀርባ ያለው ጃክል፦ ከ38 እስከ 48
* የአፍሪካ ተኩላ፦ 40 ገደማ፣ ትልልቆቹ እስከ 50
* ቀይ ቀበሮ፦ ከ53 እስከ 62

ቁመት ፎክስንና ቀይ ቀበሮን ከሌሎቹ ይለያል፤ ጃክልንና የአፍሪካ ተኩላን ግን እርስ በርስ አይለይም። ለእነዚህ ሁለቱ ጀርባና ጭራ ይታያሉ። ጥቁር ጀርባ ያለው ጃክል ከአንገት እስከ ጭራ እንደ ኮርቻ የተዘረጋ፣ ጠርዙ በግልጽ የተቆረጠ ጥቁር ምንጣፍ አለው። የአፍሪካ ተኩላ ጀርባ ላይም ጥቁር ጸጉር አለ፤ ነገር ግን ወደ ጎን ቀስ በቀስ ይደበዝዛል እንጂ ጠርዝ የለውም። የሁለቱም ጭራ ጫፍ ጥቁር ነው። የጭራው ጫፍ ነጭ ከሆነ ባለ ጎን መስመሩ ጃክል ሊሆን ይችላል፤ ይህ ምልክት በኢንፍራሬድም ጎልቶ ይታያል።

ውሻን ለመለየት የጭራ አያያዝ ይጠቅማል። የመንደር ውሻ በሶምሶማ ሲሄድ ጭራውን ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ይጠቀልላል፤ የዱሮቹ ወደ ታች ይለቁታል። የፈራ ውሻ ግን እርሱም ጭራውን ስለሚያወርድ የወረደ ጭራ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የታጠፈ ጆሮ ወይም በሰውነት ላይ ያለ ትልቅ ነጭ ቡራቡሬ ከታየ ውሻ ነው።

## ምሳሌ

በሐይቅ አቅራቢያ በበቆሎ ማሳ ዳር የተነሣ ፎቶ አለ እንበል። በፎቶው ላይ ከመሬት በላይ 120 ሴንቲ ሜትር የሆነ የአጥር ቋሚ ይታያል። ካሜራው ከቋሚው 4 ሜትር ርቆ፣ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ታስሯል። ቋሚው በፎቶው 240 ፒክስል ስለሆነ አንድ ፒክስል ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነው። የእንስሳው ትከሻ 84 ፒክስል ከሆነ ቁመቱ 42 ሴንቲ ሜትር ይወጣል።

ይህ የሚሠራው እንስሳው ከቋሚው ጋር እኩል ርቀት ላይ ከሆነ ብቻ ነው። 1 ሜትር ከኋላ ቢሆን እውነተኛው ቁመት 42 በ5 ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል፣ ማለትም 52 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆን ነበር፤ ይህም ለቀይ ቀበሮ የቀረበ ነው። ርቀቱን የሚነግረው መዳፉ ነው። በሜዳ ላይ ራቅ ያለ መሬት በፎቶ ውስጥ ከፍ ብሎ ይታያል። እዚህ 1 ሜትር ወደ ኋላ መራቅ መዳፉን ከቋሚው ግርጌ 20 ፒክስል ከፍ ያደርገዋል። በፎቶው ግን ልዩነቱ 3 ፒክስል ብቻ ነው። ስለዚህ እንስሳው ከቋሚው ከ10 ሴንቲ ሜትር ብዙም አልራቀም፤ ቁመቱም 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቀይ ቀበሮና ፎክስ ይወጣሉ።

ቀጥሎ ጭራው የወረደ፣ ጫፉ ጥቁር፣ ጆሮው የቆመ፣ ጀርባው ደግሞ ጠርዝ የሌለው ጥላ ያለው ሆኖ ተገኘ እንበል። ትክክለኛው መዝገብ «የአፍሪካ ተኩላ ሳይሆን አይቀርም፤ ጥቁር ጀርባ ያለው ጃክልም ሆነ ውሻ ሙሉ በሙሉ አልተገለሉም» የሚል ነው። ብዥታ የኮርቻውን ጠርዝ ሊያጠፋ ስለሚችል «ጠርዝ አልታየም» ማለት «ጠርዝ የለም» ማለት አይደለም።

መሬቱ ተዳፋት ከሆነ የመዳፉ ስሌት አይሠራም። በዚያን ጊዜ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት የተደረገበት ዘንግ እንስሳው ባለፈበት ቦታ ይቆማል፤ ካሜራው ሳይነቀል ሌላ ፎቶ ይነሣና ሁለቱ ይነጻጸራሉ።

## ፎቶውን መጠበቅ

በቴሌግራም እንደ ፎቶ የሚላክ ምስል ይጨመቃል፤ የጸጉሩ ዝርዝርና የተነሣበት መረጃም ይጠፋል። እንደ ፋይል ከተላከ ግን እንዳለ ይደርሳል። በስልክ «ጥራት ጨምር» የሚሉ ማስተካከያዎች ብዥታው ላይ አዲስ ጠርዝ ስለሚፈጥሩ የጀርባውን ምልክት ለመመርመር አይሆኑም። ብርሃኑንና ጥላውን ብቻ ማስተካከል ግን አይጎዳም። ካሜራው በአንድ ጊዜ ሦስት ፎቶ እንዲያነሣ ከተሞላ እንስሳው ቆም ያለበት አንዱ ፎቶ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል።

ቀይ ቀበሮ ሳይሆን አይቀርም የተባለ ፎቶ ሲገኝ የቦታው ከፍታ፣ የካሜራው ሰዓት አሞላልና ሳይነካ የቆየው ዋና ፋይል አብረው ይቀመጣሉ። በአቅራቢያው ውሾች መኖራቸውም ይመዘገባል፤ ምክንያቱም ቀይ ቀበሮን በብዛት የሚጨርሱት የእብድ ውሻ በሽታና የውሻ ዲስቴምፐር ከመንደር ውሾች የሚተላለፉ ናቸው።