ከሠርግ ፎቶ ሥር የሚጻፍ መግለጫ

የሠርጋቸውን ቀን የቆረጡ እጮኛሞች የፎቶ አንሺን ሥራ ሲያገላብጡ የሚፈልጉት የራሳቸውን ድግስ የሚመስል ድግስ ነው። «ፍቅር ያሸንፋል» የሚል ጽሑፍ አድናቂ ያመጣል፤ ቀን የሚያስይዝ ደንበኛ ግን እምብዛም አያመጣም። ካባ የለበሱ ሙሽሮች በመልስ ማታ ሲጨፍሩ ለሚያሳይ ፎቶ እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «መልስ፣ አዲስ አበባ፣ ጥር። ድንኳኑ ጨለም ያለ ስለነበር ፍላሹ ወደ ነጩ ጣሪያ ዞሮ ተተኮሰ፤ የካባው ጥልፍ ሳያብረቀርቅ ጎልቶ ወጣ። ሁለት ፎቶ አንሺዎች፤ ከሙሽራዋ ቤት እስከ መልስ።»

እዚህ ላይ በድንኳን የሚደግሱ ሙሽሮች ስጋታቸው መልስ ሲያገኝ ያያሉ፤ ምን ያህል ባለሙያ እንደሚያስፈልግም ይገምታሉ። የመነሻ ዋጋ ከታከለበት አቅማቸው የማይፈቅድ ሰዎች ሳይደውሉ ያልፋሉ። «ሙሽራዋ ፈገግ ብላ» ማለት ግን ፎቶው ያሳየውን መድገም ነው። የሙሽሮቹ ስም የሚጻፈው ሲፈቅዱ ብቻ ነው።