ፎቶ ስንቆርጥ ዙሪያው ላይ የሚቀረው ነጭ መስመር፦ የላጲስ ሃርድነስና ኦፓሲቲ

በቅርቡ አንዲት ጓደኛዬ ለበዓል ዝግጅት ፖስተር የሚሆን ፎቶ ላከችልኝ። ፎቶውን የተነሳችው እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ወደ ሳክሰንሃውዘን በሚያሻግረው የእግረኞች የብረት ድልድይ፣ አይዘርነር ሽቴግ ላይ ነው። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳለች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች፣ ጸጉሯ አፍሮ ነው። ከኋላዋ የማይን ወንዝና የባንኮቹ ፎቆች ይታያሉ፤ ከፎቆቹ በላይ ደግሞ የቀትር ነጣ ያለ ሰማይ አለ። «ጀርባውን አጥፋና ጥቁር አረንጓዴ ላይ አስቀምጠኝ» አለችኝ።

በላጲስ አጠፋሁት። በነጭ ገጽ ላይ ሳየው ንጹሕ ነበር። አረንጓዴው ላይ ሳስቀምጠው ግን ጸጉሯ ዙሪያ ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል አክሊለ ብርሃን ወጣ። ቀሚሷ ጫፍ ደግሞ በመቀስ እንደተቆረጠ ወረቀት ደረቅ ሆኗል። አንድ ላጲስ፣ አንድ ፎቶ፣ ሁለት የተለያየ ጥፋት። ምክንያቱን ለመረዳት ላጲሱ በትክክል ምን እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

ላጲስ ቀለም አያጠፋም። እያንዳንዱ ፒክስል ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ቁጥሮቹ ሌላ አልፋ የሚባል አራተኛ ቁጥር አለው። 255 ከሆነ ፒክስሉ ሙሉ በሙሉ ይታያል፣ 0 ከሆነ አይታይም። ላጲሱ የሚቀንሰው ይህን ቁጥር ብቻ ነው። (ፎቶው ጄፔግ ሆኖ የተከፈተ ከሆነ አልፋ የለውም። ጂምፕ ላይ `Add Alpha Channel` ካላላችሁ ላጲሱ የጀርባውን ቀለም ይቀባል እንጂ ቀዳዳ አይከፍትም። ስንት ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ፕሮግራሙን እንደዘጋ እግዜር ይወቀው።)

ሃርድነስ የሚወስነው አልፋው ከላጲሱ መሐል ወደ ጫፉ በምን ያህል ርቀት ውስጥ እንደሚለወጥ ነው። ራዲየሱ 20 ፒክስል የሆነ ክብ ላጲስ አስቡ። ሃርድነሱ 50% ሲሆን እስከ 10ኛው ፒክስል ሙሉ በሙሉ ያጠፋል፣ ከዚያ እየደከመ ሄዶ 20ኛው ላይ ምንም አያጠፋም። የመሸጋገሪያው ስፋት በግምት ይህ ነው፦

```
ስፋት = r × (1 − h)
```

የድክመቱ ኩርባ ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያያል፤ ለሥራ ግን ይህ ግምት ይበቃል። ከዚህች አጭር ቀመር የሚወጣውን ነገር ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሃርድነስ መቶኛ ስለሆነ፣ የላጲሱን መጠን በለወጣችሁ ቁጥር የምትተዉት ጠርዝም ይለወጣል። በ90% ሃርድነስ ራዲየሱ 20 ሲሆን መሸጋገሪያው 2 ፒክስል ነው። ያንኑ 90% ይዛችሁ ላጲሱን ወደ 200 ብታሳድጉት መሸጋገሪያው 20 ፒክስል ይሆናል። ትከሻዋን በትልቅ ላጲስ፣ እጇን በትንሽ ላጲስ የሠራ ሰው፣ ሃርድነሱን ሳይነካ፣ ትከሻዋን ጭጋጋማ እጇን ደግሞ ስለታም አድርጎ ይጨርሳል። የኔ ቀሚስ ጫፍ የደረቀው በዚሁ መንገድ ነው፦ ለማጥራት ብዬ ላጲሱን ሳሳንስ ጠርዙም አብሮ ጠበበ።

ትክክለኛው ስፋት ስንት ነው? መልሱ ፎቶው ውስጥ አለ። ፎቶውን 400% አጉሉና የማታጠፉትን አንድ ጠርዝ ተመልከቱ፤ ለምሳሌ በነጭ ቀሚሷና በጥለቱ መካከል ያለውን። ካሜራው ቀለሙን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሸጋገረው በስንት ፒክስል ነው? ፎከስ ውስጥ ያለው ፊቷ አካባቢ 2 ወይም 3 ቆጠርኩ። ወደ ኋላ የተዘረጋው ክንዷ ከፎከስ ስለወጣ 12 ያህል ነበር። በ20 ራዲየስ የመጀመሪያው 90% ገደማ፣ ሁለተኛው 40% ይጠይቃል ማለት ነው። ለሰውዬው ሁሉ አንድ ሃርድነስ መጠቀም ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ አክሊለ ብርሃኑ። ሃርድነሱ ትክክል ሆኖም ነጭ መስመር ሊቀር ይችላል፣ ምክንያቱም ጠርዝ ላይ ያለው ፒክስል ገና ከመነካቱ በፊት ቅልቅል ነው። በአንድ ቁጥር እናስላው። ጸጉሯ 40 ይሁን፣ ሰማዩ 220። ግማሹ ጸጉር ግማሹ ሰማይ የሆነ ፒክስል 130 ይሆናል። ላጲሱ አልፋውን ወደ ግማሽ ቢያወርደውም ቀለሙ ያው 130 ነው። 20 የሆነ ጥቁር አረንጓዴ ላይ ስናስቀምጠው፦

```
0.5 × 130 + 0.5 × 20 = 75
```

ሰማይ የሌለበት ንጹሕ ጸጉር ቢሆን ኖሮ `0.5 × 40 + 0.5 × 20 = 30` ይወጣ ነበር። በ75 እና በ30 መካከል ያለው ልዩነት ነው ዓይናችን እንደ ብርሃን የሚያየው። ሰማዩ አልጠፋም፤ ግማሽ ግልጽ ሆኖ ጸጉሩ ላይ ተቀምጧል። በነጭ ገጽ ላይ ያላየሁትም ለዚህ ነው፣ የተረፈው ሰማይ ከነጩ ጋር ተመሳስሎ ይደበቃል። ስለዚህ ስታጠፉ ከስር ሁልጊዜ አንድ ጥቁር፣ ሌላ ጊዜ ደማቅ ቀይ ሌየር አድርጋችሁ ፈትሹ።

ለቀሚሱ መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ወደ ውስጥ ገብቶ ማጥፋት። አፍሮ ግን እንዲህ አይቆረጥም፤ ወደ ውስጥ ከገባችሁ የራስ ቁር ይመስላል። እኔ የሠራሁት እንዲህ ነው። ራዲየሱ 60፣ ሃርድነሱ 0 የሆነ ላጲስ ይዤ መሐሉን ከጸጉሩ ውጭ አቆምኩት፤ ጸጉሩን የሚነካው ደካማው ጫፍ ብቻ ነው። ከዚያ ጂምፕ ላይ `Lock alpha channel` አድርጌ፣ ከጸጉሯ የወሰድኩትን ጥቁር ቀለም በለስላሳ ብሩሽ፣ በ`Darken only` ሁነታ ቀባሁት። ይህ ሁነታ ከሁለቱ ቀለሞች ጠቆር ያለውን ይይዛል፤ 130 የነበረው ወደ 40 ሲወርድ ጸጉሩ ራሱ 40 ሆኖ ይቀራል። አልፋው ስለተቆለፈ ቅርጹ አይነካም። ውጤቱ ያው ያሰላነው 30 ነው።

ኦፓሲቲ ሌላ ጥያቄ ይመልሳል፦ በአንድ ምት ምን ያህል ይነሣ? 50% ያለው ላጲስ የቀረውን ግማሽ ነው የሚያነሣው፣ የመጀመሪያውን ግማሽ አይደለም። ሦስት ጊዜ ብትደጋግሙት 12.5% ይቀራል፤ በስሌት ደረጃ ዜሮ አይደርስም። እንዲያውም በ10% ኦፓሲቲ የሚሠራና ውጤቱን ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር የሚያጠጋጋ ፕሮግራም አልፋውን ከ4 በታች አያወርደውም፤ የ4 ዘጠና በመቶ 3.6 ነው፣ ተመልሶ 4 ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ብትፈትጉት ያ ጭጋግ አይነሣም። በቀስታ ያጠፋችሁት ቦታ ላይ በመጨረሻ በ100% ማለፍ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ለምትጽፉት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ብሩሽ መስመር አይስልም፤ ማኅተም እየደጋገመ ይመታል። 40 ፒክስል ስፋት ያለው ላጲስ በየ10 ፒክስሉ ቢመታ መሐል ያለው ነጥብ አራት ጊዜ ይመታል። ኦፓሲቲው 30% ከሆነ የሚቀረው `0.7` አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ፣ ማለትም 24% ነው። ተጠቃሚው 30 ጠይቆ 76 አገኘ ማለት ነው። በአሳሽ ውስጥ የሠራሁት ትንሽ ላጲስ ይህ ችግር ነበረበት፤ ከዚህ የባሰ ደግሞ ሌላ ነበረው፦

```js
const inner = Math.min(r * hardness, r - 1);
const g = s.createRadialGradient(x, y, inner, x, y, r);
g.addColorStop(0, 'rgba(0,0,0,1)');
g.addColorStop(1, 'rgba(0,0,0,0)');
s.fillStyle = g;
s.fillRect(x - r, y - r, 2 * r, 2 * r);
```

መጀመሪያ `Math.min` አልነበረውም። ሃርድነሱን 100% ሳደርገው ላጲሱ ጭራሽ ማጥፋት አቆመ! የካንቫስ ደንብ ሁለቱ ክቦች በቦታም በራዲየስም እኩል ከሆኑ ምንም አይቀባም ይላል። አንድ ፒክስል መተዉ ይህን ይፈታል፣ ጠርዙም ደረጃ ደረጃ እንዳይሆን ያደርጋል። የኦፓሲቲው መፍትሔ ደግሞ `s` የተለየ ካንቫስ መሆኑ ነው። ምቱን በሙሉ እዚያ ላይ በሙሉ ኃይል ትስላላችሁ፤ ጣት ሲነሣ ብቻ አንድ ጊዜ ወደ ፎቶው ታወርዱታላችሁ፦

```js
ctx.globalCompositeOperation = 'destination-out';
ctx.globalAlpha = opacity;
ctx.drawImage(s.canvas, 0, 0);
```

በቀጣዩ ምት በፊት `s`ን ማጽዳት አትርሱ። ማኅተሞቹ አሁንም እየተደራረቡ ለስላሳውን ጠርዝ በጥቂቱ ያጠቡታል፤ 30% ግን 30% ሆኖ ይቀራል።

ይህ ሁሉ የጠቀመኝ ነጠላው ላይ ነው። ነጠላ ስስ ነው፤ ትከሻዋ ላይ ሲነጠፍ ከስሩ ቀሚሱ፣ በአየር ላይ ሲንጠለጠል ከኋላው ያለው ይታያል። በ100% ብታጠፉት ጨርቁ ይጠፋል፣ ምንም ካልነካችሁት ደግሞ እንደ ካርቶን ይሆናል። በ35% አንድ ምት 65% ይተዋል፣ አረንጓዴውም በጨርቁ ውስጥ ያልፋል። ሰማይ ከኋላው ባለበት ቦታ ይህ ቆንጆ ሆነ። ፎቅ ባለበት ቦታ ግን የመስኮቶቹ መስመር ነጠላው ላይ ታትሞ ነበር፤ ኦፓሲቲ ደግሞ ጨርቁንና መስኮቱን እኩል ነው የሚያደበዝዘው፣ አይለያቸውም። ስለዚህ መጀመሪያ መስመሮቹን ከአጠገቡ ባለ ንጹሕ ጨርቅ በክሎን ሸፈንኳቸው፣ ከዚያ አጠፋሁ። ከጥለቱ በላይ አንድ መስኮት አምልጦኛል። ፖስተሩ ታትሟል፣ እስካሁን ማንም አላየውም።